የሚጸልየው ሰውና ጸሎቱን የሚያጠናው ሰው

አንድን ሃይማኖት በተሻለ የሚያጠናው የሚያምንበት ሰው ነው ወይስ የማያምንበት? ጥያቄው የሃይማኖት ተመራማሪዎችን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። ጀርመናዊው የሥነ መለኮት ሊቅ ሩዶልፍ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሃይማኖት ስሜት በሕይወቱ ገጥሞት የማያውቅ አንባቢ ንባቡን እዚያው ላይ ቢያቆም እንደሚሻለው መክሮ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካናዳዊው ዊልፍሬድ ካንትዌል ስሚዝ በ1959 ሌላ መመዘኛ አቀረበ፤ ስለ አንድ እምነት የተነገረ ነገር አማኞቹ «አዎ፣ እኛ እንዲህ ነን» ብለው ካልተቀበሉት ዋጋ የለውም የሚል። አሜሪካዊው ብሩስ ሊንከን ግን በ1996 ይህን አካሄድ አጥብቆ ተቃወመ። አማኞች ከሰማይ የወረደ ነው የሚሉትን ነገር ጊዜው፣ ቦታውና ሰዎቹ የትኞቹ እንደሆኑ መጠየቅ የታሪክ ተመራማሪ ሥራ ነው፤ ለዚህም ፈቃድ አይጠየቅም ባይ ነው።

ክርክሩ በመርሕ ላይ ብቻ እስከተካሄደ ድረስ መቋጫ የለውም። አንድ ጥናት ይዘን፣ ማን ምን ዐወቀ፣ በምንስ ዐወቀ ብለን ስንከተለው ግን ነገሩ ይጠራል። ለዚህ የሚሆን ጥናት ደግሞ በአገራችን አለ፤ በጎንደር አካባቢ ይኖሩ በነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ጸሎት ላይ የተሠራው።

ከእነርሱ ዘንድ ከሄዱት የውጭ ሰዎች መካከል በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የገቡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ይገኙበታል። ዓላማቸው ሕዝቡን ወደ ክርስትና ማምጣት ስለነበር ዓይናቸው የሚያርፈው በእነርሱ አስተያየት ጉድለት በሆነው ላይ ነበር። በ1867 ደግሞ ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለ ከአውሮፓ የተላከ አይሁዳዊ ምሁር መጣ። ሃሌቪ እኔም እንደ እናንተ አይሁዳዊ ነኝ ቢላቸው ነጭ የሆነ የእምነታቸው ተከታይ በዓለም ላይ ይኖራል ብለው ማመን ቸገራቸው፤ ልባቸው የተከፈተለት የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሳ ነው። ይህ ሰው በራሱ ዘንድ የውስጥ ሰው ነበር፤ ለተቀበሉት ግን እንግዳ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ስሕተት ፈልገው ስሕተት እንዳገኙ፣ እሱም ዘመድ ፈልጎ ዘመድ አገኘ። የውጭ ሰው ወገን የለውም የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ከዚህኛው ቤት ውጭ ነው ማለት ሌላ ቤት የለውም ማለት አይደለምና።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ኬይ ካውፍማን ሽለማይ የተባሉ አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ ለዶክትሬት ጥናታቸው ጎንደር አካባቢ ወደምትገኘው አምቦበር መንደር ሄዱ። እርሳቸውም አይሁዳዊት ናቸው። በዚያን ጊዜ በሰፊው ተቀባይነት የነበረው ግምት፣ ቤተ እስራኤል ከሌላው የአይሁድ ዓለም ተነጥለው ስለኖሩ ጸሎታቸው የጥንቱን የአይሁድ ሥርዓት ሳይበረዝ ጠብቆ ያቆየ ነው የሚል ነበር። ተመራማሪዋ ቀሳውስቱ ሲጸልዩ ድምፃቸውን በቴፕ ቀዱ፤ ቃሉን፣ የጸሎቱን ቅደም ተከተልና ዜማውን ለየብቻ መረመሩ። ያገኙት ግን ያልተጠበቀ ነገር ነበር። የጸሎቱ ቋንቋ ግእዝ ነው፤ ዕብራይስጥ በነባሩ ጸሎት ውስጥ የለም። ቀኑንና ሌሊቱን በሰዓት ከፍሎ የመጸለዩ ሥርዓት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ገዳማት ከሚታወቀው ጋር ይቀራረባል። ቃል በቃል የሚገጥሙ የጸሎት ክፍሎችም ነበሩ።

ችኩል ተመራማሪ «እንግዲያው ከክርስቲያኖቹ ወሰዱት» ብሎ ይዘጋው ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገሮች መመሳሰላቸው ብቻውን ማን ከማን እንደወሰደ አይናገርም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሰንበትን ታከብራለች፣ ልጆቿን በስምንተኛው ቀን ታስገርዛለች፣ ታቦትን የአምልኮዋ ማዕከል አድርጋለች። ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ የአይሁድ ምንጭ ቀድተው ሊሆን ይችላል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ይህን የሚሉ ምሁራንም አልጠፉም። ነገሩን ከሥሩ ለማጣራት ከመመሳሰል በላይ የሆነ ማስረጃ ያስፈልጋል።

አንዱ ማስረጃ ምንኩስና ነው። ቤተ እስራኤል መነኮሳት ነበሯቸው፤ ብዙዎቹን ጸሎቶች የደረሱትም መነኮሳቱ እንደሆኑ ይነገራል። ምንኩስና ግን በረቢዎቹ የአይሁድ እምነት ዘንድ የማይታወቅ ነገር ነው፤ በኢትዮጵያ ክርስትና ውስጥ ደግሞ የሥርዓቱ የጀርባ አጥንት ነው። ስለዚህ ምንኩስናውና የሰዓታቱ ጸሎት አብረው ከዚያ ወገን መጡ ማለት ከሌላው ግምት ይልቅ ያሳምናል።

ሁለተኛው ማስረጃ የተገኘው ከራሳቸው ከባለቤቶቹ አፍ ነው። የቤተ እስራኤል ትውፊት ምንኩስናን ያመጣልን አባ ሳብራ ነው ይላል። አባ ሳብራ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን፣ የነበረ ክርስቲያን መነኩሴ ነው፤ ሊያስተምራቸው ሄዶ እነርሱ ዘንድ ቀረ። የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከተለው ይባላል። ታሪኩን ቀሳውስቱ አልደበቁትም፤ እንዲያውም የሚኮሩበት ነው። ለእነርሱ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሊያሳምነን የመጣው ሰው በእኛ እውነት ተሸንፎ ከእኛ ጋር ቀረ የሚል ነው። ለተመራማሪዋ ግን ያው ታሪክ የገዳሙ ጸሎት የገባበትን በር የሚጠቁም ሆነ።

የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። ታሪኩን ጠብቆ ያቆየው አማኙ ነው፤ አማኙ ባይኖር የውጭው ሰው የሚያነጻጽረው ነገር አይኖረውም ነበር። ሆኖም ከራሱ ቤት ጸሎት ጋር የክርስቲያኑን ሰዓታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ቄሱ ምክንያት የለውም። ያን ያደረገችው ሁለቱን እኩል የምታዳምጥ ሌላ ሰው ናት። አባ ሳብራ መምጣቱ የእምነታቸው ድል መሆኑን የመናገር መብት የቀሳውስቱ ነው፤ ስሚዝ ያቀረበው መመዘኛም በዚህ በኩል ትክክል ነው። የሰዓታቱ ሥርዓት ከየት መጣ የሚለው ግን ጽሑፍ ከጽሑፍ፣ ዜማ ከዜማ ጋር ተገናዝቦ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ አማኝ ስላመነበት አይጸድቅም፣ ቅር ስላለውም አይፈርስም።

ጥናቱ ወሰን አለው። መነኮሳቱ በዚያን ጊዜ ጥቂት ቀርተው ነበር፤ ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ገዳማቱን ክፉኛ ጎድቷቸዋል። ከዚህም ሌላ ያዕቆብ ፋይትሎቪች የተባለ ምሁር ከ1904 ጀምሮ ደጋግሞ እየተመላለሰ፣ ወጣቶችን ወደ ውጭ እየላከና ትምህርት ቤት እየከፈተ፣ ሕዝቡን ወደ ዓለም አቀፉ የአይሁድ ልማድ ለማቅረብ ብዙ ደክሟል። በ1970ዎቹ የገባ ተመራማሪ አንድን ሥርዓት ሲያይ ከአባቶች የወረደ ይሁን ወይም ትናንት ከውጭ የመጣ መለየት ነበረበት። ያለ ሽማግሌ ቀሳውስት እርዳታ ይህ አይቻልም፤ በልጅነታቸው ምን ይደረግ እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸውና።

ውጤቱ የወጣበት ጊዜም ከባድ ነበር። የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው ነበር። በ1984 እና በ1985 በሺዎች የሚቆጠሩት በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ ግን የረቢዎቹ ተቋም በውኃ መነከርን የመሰለ ተጨማሪ ሥርዓት ስለጠየቃቸው በ1985 ተቃውሞ ይዘው ወጡ። የሽለማይ መጽሐፍ የታተመው በማግሥቱ፣ በ1986 ነው። አይሁድነታቸው በየቢሮው ለሚመረመርባቸው ሰዎች «ጸሎታችሁ ከክርስቲያን ገዳም ጋር ይዛመዳል» መባል የሙዚቃ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። አንድ ጸሎት ከየት መጣ የሚለውና የሚጸልየው ሰው ማን ነው የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ በሕዝብ ፊት ሲቀርቡ ግን በቀላሉ ይምታታሉ። ውጤቱን ጽፎ የሚሄደው ተመራማሪ ነው፤ የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። ይህ ግኝቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ድምዳሜው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ፣ ከየት ወዲያም እንደማይሄድ በግልጽ እንዲጻፍ ግን ያስገድዳል።

የውጭ ሰው ብቻውን የማይዘልቀው ነገርም አለ። ሽለማይ ከሙዚቃ ታሪክ ምሁሩ ፒተር ጄፍሪ ጋር ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ በ1990ዎቹ ሦስት ቅጽ ሲያሳትሙ፣ ሥራው የቆመው በብርሃኑ መኮንን ዜማ ላይ ነበር፤ ዜማውን ጠንቅቀው የተማሩ ደብተራ ናቸው። ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት እንደ አውሮፓ ኖታ አንድ ድምፅ አያመለክትም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አጭር የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል። ዜማውን ያልተማረ ሰው ብራናው ላይ ምልክቱን እያየ ምንም አያዜምም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ማመን ሳይሆን መማር ነው፤ ተራ ምእመንም አማኝ ሆኖ ሳለ ምልክቱን ማንበብ አይችልምና።

አማኝ ተመራማሪስ የራሱን ቤት ገመና ይሸፍናል? ይህን የሚያስተባብል ጥሩ ምሳሌ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በአሜሪካ ሚኒሶታ የግእዝ ብራናዎችን ሲመረምሩ የኖሩት እኚህ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተገርፈው፣ ተሰድደውና ተገድለው ስላለፉት የእስጢፋኖሳውያን መነኮሳት የተጻፈውን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በሚል ርእስ አሳትመዋል። ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ እያለች ከምታስባቸው ንጉሥ በኩል ሳይሆን ከተቀጡት መነኮሳት ወገን የተጻፈ ነው። ግእዙን እንደ አፍ መፍቻ የሚያነበው፣ የአንዲት የአነጋገር ለውጥ የሃይማኖት ክርክር መሆኗን የሚያስተውለው የውስጥ ሰው ነው፤ ያገኘውን ሳይሸሽግ ያወጣውም ያው የውስጥ ሰው ነው።

እንግዲያው ስለ አንድ እምነት የተጻፈ ጥናት እጃችን ሲገባ ጸሐፊው ያምናል ወይስ አያምንም ከማለት በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የሚናገረው ነገሩ ለአማኞቹ ስላለው ትርጉም ከሆነ አማኞቹ አንብበው ራሳቸውን አገኙበት ወይ? የሚናገረው ስለ ምንጭና ዘመን ከሆነ ደግሞ ማስረጃውን ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችል መንገድ አስቀምጧል ወይ? ከመመሳሰል ወደ መውረስ የተሸጋገረውስ በምን ድልድይ ነው? በሁለተኛው ጥያቄ የወደቀ አማኝም ሆነ በመጀመሪያው የወደቀ የውጭ ሰው ጥናቱ ጎዶሎ ነው፤ ጉድለቱን የሚያጋልጠውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ወገን የሆነ አንባቢ ነው።