በእጅ የተያዘው አንድ

ዘጠና አንድ ሲደመር ሃምሳ አራት። ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ ከአንድ ቤት ይጀምራል፤ 1 እና 4፣ 5። ወደ አስር ቤት ያልፋል፤ 9 እና 5፣ 14። 4 ይጽፍና «አንድ በእጄ» ይላል። ያ በእጁ የያዘው አንድ መቶ ቤት ገብቶ መልሱ 145 ይሆናል። ኮምፒውተርም የሚደምረው እንዲሁ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቤት በቤት። ልዩነቱ የሚያውቃቸው አኃዞች 0 እና 1 ብቻ መሆናቸው ነው። ስለዚህ እንደ ልጁ አልፎ አልፎ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ በእጁ ይይዛል።

እኛ አንዱ ቤት ከዘጠኝ ሲያልፍ ወደ ቀጣዩ እንሻገራለን፤ በባይነሪ ግን ከአንድ ሲያልፍ መሻገር ግድ ነው። በዚህ የተነሳ ቤቶቹ የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ8፣ የ16፣ የ32፣ የ64 እና የ128 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ በስተቀኙ ያለው እጥፍ ነው። 91ን በእነዚህ ቤቶች ማስቀመጥ በሚዛን ድንጋይ እህል እንደመመዘን ነው፤ ከትልቁ ይጀመራል። 128 ይበዛል። 64 ስናነሳ 27 ይቀራል። 32 ይበዛል፤ 16 ስናነሳ 11 ይቀራል፤ ከዚያ 8፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1። በተነሳው ቤት 1፣ ባልተነሳው 0 ስንጽፍ 01011011 እናገኛለን። 54 ደግሞ 32፣ 16፣ 4 እና 2 ስለሆነ 00110110 ይሆናል። (በግዕዝ ቁጥር ይህ አይሞከርም። ፺ የትም ትቀመጥ የት ዘጠና ናት፤ ዜሮም የለም።)

አሁን እንደምር። ሁለት ዜሮ ዜሮ ነው። ዜሮና አንድ አንድ ነው። አንድና አንድ ሁለት ነው፤ ሁለት በባይነሪ 10 ስለሆነ 0 ተጽፎ አንድ በእጅ ይያዛል። ከቀኝ የመጣ አንድ ሲጨመርበት ሦስት ይሆናል፤ ይኸውም 11 ነው፤ 1 ተጽፎ አንድ በእጅ ይያዛል። ከሦስት በላይ በአንድ ቤት ሊገኝ ስለማይችል፣ በእጅ የሚያዘውም ከአንድ አይበልጥም።

```
  11111100   በእጅ የመጣው
  01011011   91
+ 00110110   54
----------
  10010001   145
```

በ1 ቤት 1 እና 0፣ 1 ነው፤ የሚያዝ የለም። በ2 ቤት 1 እና 1 ተገናኝተው 0 ጻፍን፤ አንድ በእጅ። በ4 ቤት 0 እና 1 ነበሩ፤ በእጅ የነበረው ሲጨመር ሁለት ሆነ፤ እንደገና 0፣ አንድ በእጅ። በ8 ቤትም ያው። በ16 ቤት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ከእጃችን ጋር ሦስት፤ 1 ጽፈን አንድ ያዝን። በ32 እና በ64 ቤት እንደ ቀድሞው 0 እየጻፍን አንድ ይዘን አለፍን። በመጨረሻው በ128 ቤት ሁለቱም ዜሮ ስለነበሩ በእጅ የነበረው አንድ እዚያ አረፈ። 128፣ 16 እና 1፣ ድምራቸው 145።

ይህን ሁሉ ማሽን እንዴት ይሠራዋል? በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቤል ላቦራቶሪዎች ባልደረባ ጆርጅ ስቲቢትዝ ጥቂት ሪሌዮችን፣ የባትሪ አምፖሎችንና ከትንባሆ ቆርቆሮ የተቆረጡ ስስ ብረቶችን ወስዶ በወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የአንድ ቤት መደመሪያ ሠራ። ባለቤቱ ዶሮቲያ «ሞዴል ኬ» አለችው፤ «ኬ» በእንግሊዝኛ የወጥ ቤት የመጀመሪያ ፊደል ናት።

የስቲቢትዝን ሥራ ለመረዳት ፎቅ ቤት ያለውን የደረጃ መብራት ማሰብ ይበቃል። አንድ ማብሪያ ታች፣ አንድ ላይ አለ። የትኛውንም ብትነኩ የመብራቱ ሁኔታ ይለወጣል፤ ስለዚህ መብራቱ የሚበራው ሁለቱ ማብሪያዎች ሲለያዩ ነው ተብሎ ሊዘረጋ ይችላል። 0 እና 1 ሲገናኙ 1፣ ሁለት ተመሳሳዮች ሲገናኙ 0፤ በቤቱ የሚጻፈው አኃዝ ይኸው ነው። በእጅ የሚያዘውን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ማብሪያዎችን በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው ማስቀመጥ ነው፤ ሁለቱም ካልተከፈቱ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ከቀኝ የመጣው ሲጨመር ይህ ዝርጋታ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ መጀመሪያ ሁለቱ አኃዞች ይደመራሉ፣ ከዚያ ውጤታቸው በእጅ ከመጣው ጋር ይደመራል። ዛሬ በማብሪያዎቹ ቦታ ትራንዚስተሮች ተተክተዋል።

ችግሩ ወረፋው ነው። የ128 ቤት መልሱን ማወቅ የሚችለው የ64 ቤት ሲጨርስ ነው፤ የ64 ቤትም የ32ን ይጠብቃል። ስልሳ አራት ቤት ባለው ማሽን ይህ መጠባበቅ ፍጥነትን ይበላል። መውጫው ግን ምሳሌያችን ውስጥ ተቀምጧል። ቤቶቹን ሳንደምር ብናያቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ሁለት አንድ ያለበት ቤት (2 እና 16) ምንም ይምጣ ምን ወደ ግራ አንድ ይሰድዳል። ሁለት ዜሮ ያለበት (128) የመጣለትን ይውጣል። ሁለቱ አኃዞች የተለያዩበት ቤት የመጣለትን ብቻ ያስተላልፋል። ይህ ለሁሉም ቤቶች በአንድ ጊዜ ይታወቃል፤ ስለዚህ አንዱ የየትኛውን ቤት ደጃፍ እንደሚያንኳኳ ተራ ሳይጠበቅ ማስላት ይቻላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ዘመን፣ በእጅ የሚያዘውን ቀድሞ የሚያውቅ የጥርስ ማሽን ነድፎ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ መደመሩ አላስቸገረውም፣ በእጅ የሚያዘው እንጂ።

ሌላው ችግር ቤት ማለቁ ነው። ኮምፒውተር ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችንም መጻፍ ስላለበት የግራውን ዳር ቤት ብዙ ጊዜ በአሉታዊ ዋጋ ይይዘዋል፤ በስምንት ቤት ከሆነ 128 መሆኑ ቀርቶ −128 ይሆናል። በዚህ ንባብ 91 እና 54 እንደነበሩ ናቸው፤ ድምራቸው 10010001 ግን −128፣ 16 እና 1፣ ማለትም −111 ነው። ሁለት አዎንታዊ ቁጥሮች ተደምረው አሉታዊ ወለዱ። ማሽኑ ይህን የሚያውቅበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ወደ ዳሩ ቤት የገባውንና ከዚያ የወጣውን ያወዳድራል። እዚህ አንድ ገብቶ ምንም አልወጣም። ከተለያዩ ውጤቱ ተበላሽቷል። ማሽኑ ምልክት ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ምልክቱን ካላየ ግን ስሌቱ ይቀጥላል።

ጃቫ ካላዩት አንዱ ነው። በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጆሹዋ ብሎክ፣ በጃቫ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ ስህተት እንዳለ ጻፈ። የተደረደረ ዝርዝርን መሐል ለመሐል እየከፈለ የሚፈልገው ክፍል፣ መሐሉን የሚያገኘው ሁለቱን ዳሮች ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነበር። ቁጥሮቹ ሠላሳ ሁለት ቤት ስላላቸው ከ2,147,483,647 በላይ አይይዙም። ዳሮቹ 1,200,000,000 እና 1,400,000,000 ቢሆኑ ድምሩ ወደ −1,694,967,296 ይገለበጣል፤ «መሐሉ» −847,483,648 ይሆንና ፕሮግራሙ የሌለ ቦታ ፈልጎ ይቆማል። ዝርዝሩ ቢሊዮን እስኪያልፍ ድረስ ማንም አያየውም። መድኃኒቱ መጀመሪያ መቀነስ ነበር፦

```
int mid = low + (high - low) / 2;
```

ልዩነቱ 200,000,000፣ ግማሹ 100,000,000፣ መሐሉም 1,300,000,000 ይሆናል፤ የዳሩን ቤት የሚነካ አንድም በእጅ አይያዝም።