ወፍጮው በዛሬ ብር ሲመዘን

ወፍጮ በ430,000 ብር ሊገዙ አስበዋል እንበል። ወጪው ተቀንሶ በመጀመሪያው ዓመት 100,000፣ ደንበኛ ሲለምድ በሁለተኛው 200,000፣ በሦስተኛው 250,000 ብር ይተርፋል፤ በመጨረሻም ማሽኑ በ150,000 ይሸጣል።

ገንዘቡ ሌላ ቦታ በዓመት 20 በመቶ የሚያስገኝ ከሆነ፣ የየዓመቱ ገቢ ለየብቻው ወደ ዛሬ ዋጋ ይመለሳል፦ የመጀመሪያው ለ1.2፣ ሁለተኛው ለ1.44፣ ሦስተኛው ለ1.728 ይካፈላል። ድምሩ 366,900 ብር ገደማ ነው፤ ከመግዣው በ63,100 ያንሳል። የማሽኑ መሸጫ ግን፣ እሱም ለ1.728 ተካፍሎ፣ 86,800 ይጨምርና የተጣራው የዛሬ ዋጋ ወደ 23,700 ብር ከፍ ይላል።

አዋጭነቱ የተንጠለጠለው እንግዲህ ገና ባልተገኘ ገዢ ላይ ነው። ደላላ የሚጠራውን ዋጋ እኔ አላምንም፤ ማሽኑ ከ109,000 ብር ገደማ በታች ከተሸጠ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማዋል ይሻል ነበር።