ጥላው የማን ነው? በነጭ መደብ ላይ ዕቃን በዕቃ ስለ መተካት

ለገበያ የሚቀርበውን ዕቃ በነጭ መደብ ላይ አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ዕቃውም በሌላ ሲለወጥ እንደገና መብራት ከመትከል ይልቅ አዲሱን በአሮጌው ስፍራ አስገብቶ ጥላውንና ነጸብራቁን እንደ ነበሩ መተው፣ በፎቶሾፕ ለሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የታወቀ ልማድ ነው። ልማዱ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከእውነተኛ መብራት የተገኘ ጥላ በብሩሽ የተቀባው ጥላ የማይደርስበት ረቂቅነት አለውና ሊጠበቅ ይገባዋል። የሚነቀፈው ግን ጥላና ነጸብራቅ አንድ ባሕርይ እንዳላቸው፣ ሁለቱም የመደቡ ገንዘብ እንደ ሆኑና የመጣውን ዕቃ ሁሉ እንደሚያገለግሉ አድርጎ ማመን ነው። ጥላ ብርሃን የጎደለበት ስፍራ ሲሆን ነጸብራቅ የዕቃው የራሱ ሁለተኛ መልክ ነው፤ ስለዚህም የመጀመሪያው በከፊል ሊወረስ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ከልኩ በቀር የሚወረስ ነገር የለውም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። በነጭ አክሪሊክ ላይ ማር የሞላበት አፈ ሰፊ የመስተዋት ጠርሙስ ቆሟል እንበል፤ የመቀመጫው ስፋት 8 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰፊ ሶፍትቦክስ ከግራ በኩል ያበራለታል፤ ካሜራው ከፊት ለፊት፣ ከገበታው ጥቂት ከፍ ብሎ ይመለከተዋል፤ ስለዚህ ጥላው ወደ ቀኝ፣ ነጸብራቁ ወደ ፊት ይወድቃል። ነጋዴው ማሩን ወደ ቆርቆሮ ጣሳ አዛወረና በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ጣሳው እንዲተካ ጠየቀ፤ ጣሳው 7 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ 14 ሳንቲ ሜትር ይቆማል።

አስቀድሞ የሚታመነው፣ ጥላውን እንደ ዕቃው ሁሉ ዙሪያውን ከብቦ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል የሚለው ነው። ዕቃው ግን ዳር አለው፣ ጥላ የለውም፤ ጥላ ከጥቁረቱ ተነሥቶ እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው በማይታወቅበት ስፍራ ከነጩ ጋር ይዋሐዳልና፣ መስመሩ የትም ቢሰመር ከውጭ የቀረው ይታጣል፣ ከውስጥ የተያዘውም ግራጫ ጠርዝ ይዞ ይመጣል። በተጨማሪም ለዐይናችን ነጭ የመሰለን መደብ በእውነቱ ነጭ አይደለም። በምሳሌያችን በጠርሙሱ አጠገብ ጥላ ያልነካው አክሪሊክ 240 ሲለካ ከብርሃኑ የራቀው ማዕዘን 225 ሊሆን ይችላል፤ ፍጹም ነጭ ግን 255 ነው። ይህን የተመለከተ ሰው Levels ከፍቶ 240ውን ወደ 255 ቢስበው ማዕዘኑ ግራጫ ሆኖ ይቀርበታል፤ 225ቱን ቢስበው ደግሞ ከ225 በላይ የነበረው ሁሉ፣ ለስላሳው የጥላ ኅዳግ ጭምር፣ ወደ ነጭነት ተውጦ ይጠፋል፤ ጥላውም የተቀደደ ወረቀት የመሰለ ዳር ያወጣል።

ትክክለኛው መንገድ ጥላን እንደ ቀለም ሳይሆን እንደ ንጻሬ መቁጠር ነው። ጠርሙሱ ተነሥቶ፣ መብራቱም ካሜራውም ሳይነቃነቅ፣ ባዶው አክሪሊክ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከዚያም ባዶው ሥዕል ከጠርሙሱ ሥዕል በላይ ተነባብሮ Divide በሚለው ሁኔታ ይደረግ። ፎቶሾፕ ያን ጊዜ ታችኛውን ለላይኛው ያካፍላል፤ ጥላ ያረፈበት ነጥብ 180፣ ያው ነጥብ በባዶው ሥዕል 240 ቢሆን ውጤቱ ሦስት አራተኛ፣ ማለት በ255 ሚዛን 191 ይሆናል። ጥላ ያልነካው ስፍራ ሁሉ፣ መሐሉም ማዕዘኑም፣ ራሱ ለራሱ ተካፍሎ 255 ይወጣል። ባዶ ሥዕል አስቀድሞ ያላነሣ ሰው ጥላ ካልነካቸው ስፍራዎች ቀለም እየወሰደ በግራዲየንት አንድ ሊሠራ ይችላል፤ ከእውነተኛው ያነሰ ቢሆንም በመቀስ ከመቁረጥ እጅግ ይሻላል። እንዲህ የተገኘው ጥላ በማንኛውም ነጭ መደብ ላይ Multiply ተብሎ ቢቀመጥ ብርሃኑን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ነጩንም አይነካም።

ቀጥሎ የሚታመነው፣ መብራቱ እስካልተለወጠ ድረስ ጥላው አይለወጥም የሚለው ነው። እዚህ ላይ እውነትና ስሕተት ተደባልቀዋል። ጥላው ወዴት እንደሚወድቅና ምን ያህል እንደሚለሰልስ የሚወስነው በእርግጥ መብራቱ ነው፤ ቅርጹን የሚሰጠው ግን ዕቃው ነው። በተለይም ዕቃው ገበታውን በሚነካበት ስፍራ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ከየትኛውም ወገን ብርሃን የማይደርስበት ቀጭንና ጥቁር መስመር አለ፤ ዕቃው ቆሟል ብሎ ለዐይን የሚመሰክረው እርሱ ነው። የጠርሙሱ 8 ሳንቲ ሜትር በሥዕሉ ላይ 1600 ፒክስል ቢይዝ፣ ጣሳው በግራና በቀኝ መቶ መቶ ፒክስል ይጎድለዋል፤ የጠርሙሱ መስመር ከተተወ ከጣሳው ወዲያ ወጥቶ ይቀራልና፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ጣሳው በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ያ መስመር ከነዙሪያው ይፋቃል፤ ክፍቱ ከአጠገቡ ባለው ጥላ ይሞላል፤ አዲሱ መስመር የጣሳውን መቀመጫ ተከትሎ በእጅ ይሳላል። በዚህም ምክንያት መቀመጫው ከአሮጌው እኩል የሆነ ወይም ጥቂት የሚሰፋ ዕቃ መተካት ከጠባቡ ይቀላል፤ ሰፊው የአሮጌውን ፈለግ ይሸፍናል፣ ጠባቡ ይገልጣል።

የቁመቱ ነገር ከዚህ ይቀላል። አንድ አምፖል ብቻ ቢሆን ኖሮ 14 ሳንቲ ሜትር የቆመው ጣሳ ጥላውን በዚያው መጠን ባስረዘመው ነበር፤ ሶፍትቦክሱ ሰፊ ስለ ሆነ ግን የጥላው ጫፍ እጅግ የሳሳ ነውና፣ ወደ ቀኝ በመጠኑ መሳብ ይበቃዋል። ቀለሙ ግን ሊዘነጋ አይገባም። ብርሃን በማሩ ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ የጠርሙሱ ጥላ በመሐሉ ወርቃማ ፍካት ይዟል፤ ቆርቆሮ ብርሃን አያሳልፍም። ወርቃማው ጥላ በጣሳ ሥር ቢተው ከዚያ የሌለ ማር ይመሰክራልና፣ ቀለሙን በ Hue/Saturation አንሥቶ ፍካቱ የነበረበትን መሐል ማጥቆር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት የነጸብራቁ ነው። ብዙዎች የአሮጌውን ነጸብራቅ ይተዋሉ፤ ይህን ማንም ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቢያይ ይደርስበታል፤ ከጣሳው በታች የጠርሙሱ ምልክት ተገልብጦ ይነበባልና። ከእነርሱ የተሻሉት ደግሞ የጣሳውን ሥዕል ገልብጠው ከሥሩ ያስገባሉ፤ መስተዋትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው ብለው ያምናሉ። መስተዋት ግን ሥዕልን አይገለብጥም፤ ዕቃው ከገበታው በታች ካለ ሌላ ካሜራ እንደሚታይ አድርጎ ያሳያል እንጂ። የእኛ ካሜራ ከላይ ስለሚመለከት የጣሳውን ክዳን ያያል፤ በነጸብራቁ ውስጥ ግን ክዳኑ ፈጽሞ ሊታይ አይችልም። ዋናው ምስክር ደግሞ መቀመጫው ላይ ነው። ከላይ የታየ ክብ መቀመጫ የፊት ዳሩ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ግልባጩ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ሁለቱም በመሐል በአንዲት ነጥብ ብቻ ተገናኝተው በግራና በቀኝ ነጭ ክፍት ይተዋሉ። በእውነተኛው ነጸብራቅ መቀመጫውም፣ የምልክቱ መስመሮችም ሁሉ ወደ ታች ይጎብጣሉ፣ ወደ ታች በወረዱም ቁጥር ጉብጠታቸው ይጨምራል። ስለዚህ ግልባጩ ክዳኑ ተቆርጦለት፣ ዳሩ ከመቀመጫው ጋር እስኪገጥም ድረስ በ Warp ይታጠፋል። በእኔ አስተያየት ግን ጣሳውን በማንኛውም አንጸባራቂ አክሪሊክ ላይ አቁሞ፣ ካሜራውን በፊተኛው ከፍታና ርቀት አድርጎ፣ ከነነጸብራቁ ማንሣት ከዚህ ድካም ሁሉ ያድናል።

ከአሮጌው ሥዕል የሚወረሰው የነጸብራቁ ልክ ነው ያልሁት ይህን ነው። አክሪሊክ ካሜራው ከአናቱ ቀጥ ብሎ ሲያየው ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህል ብቻ ይመልሳል፤ ካሜራው ወርዶ ከገበታው 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ሲል ግን የሚመልሰው ወደ 25 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ሁሉም በለመደው 50 በመቶ ከመወሰን ይልቅ፣ የጠርሙሱ ነጸብራቅ ከዕቃው ጥግ ምን ያህል እንደ ደመቀ፣ ወደ ፊት ሲመጣም ምን ያህል እንደ ደከመ ተለክቶ፣ ለጣሳው ያው ልክ ይሰጠዋል። የሚደክመውም በከንቱ አይደለም፤ የዕቃው የላይኛው ክፍል ወደ ካሜራው በቀረበ የገበታው ስፍራ ላይ ስለሚንጸባረቅ፣ ያም ስፍራ ከላይ ይበልጥ ቀጥ ተብሎ ስለሚታይ፣ የሚመልሰው ብርሃን ያንሳል።

የሌየሮቹም ቅደም ተከተል የራሱ ስሕተት አለው። ነጸብራቁም ጨለማ ነው ተብሎ እንደ ጥላው Multiply ይደረጋል፤ ነጸብራቅ ግን ጨለማ ሳይሆን ከዕቃው የመጣ ብርሃን ስለ ሆነ፣ ከጥላው በላይ ተቀምጦ ሁኔታው Normal፣ Opacity የሚባለውም የተለካው ልክ ይሆናል። ልዩነቱ ጣሳው በጥላው ላይ በሚንጸባረቅበት ስፍራ ይገለጣል፤ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ በእውነት ጥላውን በጥቂቱ ያበራዋል፤ Multiply ግን ከማጥቆር በቀር ማብራት አይችልም።

ሥራው ሲያልቅ ዐይንን ማመን አይበቃም። ከሁሉ በላይ የ Threshold ሌየር ተጨምሮ ቁጥሩ 255 ላይ ሲደረግ ፍጹም ነጭ ያልሆነው ሁሉ ይጠቁራል። ጥቁሩ ክብ ሆኖ ጣሳውንና ጥላውን ከብቦ ከሥዕሉ ዳር በፊት ቢያልቅ መልካም ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ወይም ከማዕዘን የሚመጣ ደመና ቢታይ ግን የተቆረጠ ጥላ ወይም ያልነጻ መደብ አለ ማለት ነው። እንደ አማዞን ያሉ መደብሮች ለዋናው ሥዕል 255፣ 255፣ 255 የሆነ መደብ ስለሚጠይቁ፣ ይህ ምርመራ ለነጋዴውም ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ የሠመረው ግን ብርሃኑ ከጎን ስለ መጣ ነው። መብራቱ ከዕቃው በስተኋላ ቢሆን ኖሮ ጥላውም ወደ ፊት ወድቆ ከነጸብራቁ ጋር በአንድ ስፍራ ይደራረብ ነበር፤ ማካፈልም ሁለቱን አይለያቸውም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ገና ፎቶግራፉን ሲያነሣ ካሜራውን ከገበታው 34 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ከሌንሱ ፊት ፖላራይዘር ማጣሪያ አዙሮ ሁለተኛ ሥዕል ያንሣ፤ በዚያ ማዕዘን የአክሪሊክ ነጸብራቅ ሊጠፋ ስለሚቃረብ ጥላው ብቻውን ይቀርለታል። ያላነሣው ሰው ግን ያንን የገበታ ክፍል በሙሉ አስወግዶ ጥላውን እንደ አዲስ ይሥራ፣ ወይም ጣሳውን ወስዶ እንደገና ያንሣው።