ከቁልፍ ሰሌዳ ላይ የታጣችው የሉጋንዳ ፊደል እንዴት ትጻፋለች?

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ በስፋት የሚነገረው የሉጋንዳ ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ነው። ይሁንና ከፊደላቱ አንዷ፣ ŋ፣ በተለመደው የእንግሊዝኛ የቁልፍ ሰሌዳ (ኪቦርድ) ላይ የለችም።

ድምፁ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። «እንግዳ» ስንል «ግ» ላይ ከመድረሳችን በፊት በአፍንጫ በኩል የሚወጣው ድምፅ ነው። በአማርኛ በ«ን» ስለሚወከል የራሱ ፊደል አላስፈለገውም።

በሉጋንዳ ግን ይህ ድምፅ ራሱን ችሎ ይቆማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ወጥ መልክ የያዘው የቋንቋው አጻጻፍም የራሱን ፊደል ሰጥቶታል። ከበሮ eŋŋoma ሲባል ነብር ደግሞ engo ይባላል። በሁለተኛው ቃል ውስጥ g በግልጽ ይሰማል፤ በመጀመሪያው ግን አይሰማም።

ፊደሏን በኪቦርዳቸው ላይ ያላገኙ ጸሐፊዎች በምትኩ ng' ይጠቀማሉ፤ eng'oma ብለው ይጽፋሉ ማለት ነው። አፖስትሮፍ የሚባለው ይህ ትንሽ ምልክት ከተዘነጋ ቃሉ engoma ይሆንና አንባቢው እንደ engo g አሰምቶ ሊያነበው ይችላል።

«ሙት ቁልፍ» የሚያስከትለው ስህተት

በቀድሞው የጽሕፈት መኪና ላይ አንዳንድ ቁልፎች ሲመቱ ምልክቱን ያትማሉ እንጂ ወረቀቱን ወደፊት አያንቀሳቅሱም ነበር። ቀጥሎ የሚመታው ፊደል እዚያው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ምልክቱና ፊደሉ አንድ ላይ ይታተማሉ። «ሙት ቁልፍ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ US-International የተባለው አቀማመጥ ይህንኑ ስልት ይከተላል። አፖስትሮፍ ተጭነው ቀጥሎ e ሲጫኑ é ይወጣል። ፈረንሳይኛ ለሚጽፍ ሰው ምቹ ነው።

ሉጋንዳ ለሚጽፍ ግን ወጥመድ ነው። eng'oma ብሎ ሲጽፍ አፖስትሮፉ ከተከታዩ o ጋር ይጣመርና engóma የሚል ቃል ይወጣል። ምልክቱ ቁልፉ እንደተነካ ካልታየና ተከታዩን ፊደል ከጠበቀ ቁልፉ «ሙት» መሆኑን ማወቅ ይቻላል። መፍትሔው ከአፖስትሮፉ ቀጥሎ የክፍት ቦታ ቁልፉን አንድ ጊዜ መጫን፣ አለዚያም ወደ ተራው የእንግሊዝኛ አቀማመጥ መመለስ ነው።

ሙት ቁልፉ ŋን ራሷን ሊያወጣ አይችልም። እርሷ ምልክት የተጨመረበት n ሳትሆን ራሷን የቻለች ፊደል ናት።

አጣማሪው ቁልፍ

ለዚህ የሚሻለው «ኮምፖዝ» የተባለው አጣማሪ ቁልፍ ነው። ዲጂታል ኢኪውፕመንት የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በኪቦርዱ ላይ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ዛሬ ሌላ ቁልፍን ለዚህ ሥራ በመመደብ ይገኛል።

እንደ ኡቡንቱ ባሉ የሊኑክስ ሥርዓቶች Settings ውስጥ Keyboard የሚለውን ከፍተው በ Compose Key ሥር የቀኙን Alt መምረጥ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ቁልፎች በየተራ እንጂ በአንድ ላይ አይያዙም፤ አጣማሪውን ነክቶ መልቀቅ፣ ቀጥሎ n፣ ከዚያም g።

```
Compose n g  →  ŋ
Compose N G  →  Ŋ
```

ስለዚህ eŋŋoma ለመጻፍ መጀመሪያ e፣ ቀጥሎ ይህ ተከታታይ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻም oma ይጻፋል።

ዊንዶውስ አጣማሪ ቁልፍ አብሮት ባይመጣም፣ WinCompose የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ምንም መጫን የማይችል ሰው ደግሞ በማይክሮሶፍት ዎርድ ውስጥ 014B ጽፎ Alt እና Xን አንድ ላይ መጫን ይችላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ከኮዱ በፊት e ካለ ዎርድ e014B የሚለውን በሙሉ እንደ አንድ ኮድ ሊወስደው ስለሚችል፣ አራቱን ሆሄያት ብቻ መርጦ መጫን ይገባል።

ልዩነቱ የሚታየው በፍለጋ ጊዜ ነው

በ ng' ለሚጽፉ ሰዎች ችግሩ በኋላ ይከተላል። ዎርድ ቀጥ ያለውን አፖስትሮፍ (') ወደ ጠመዝማዛው (’) ሊለውጠው ይችላል። ለዓይን ተመሳሳይ ቢመስሉም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። በመሆኑም በአንዱ የተጻፈ ቃል በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ŋ ግን አንድ ኮድ ብቻ ስላላት ይህ አይገጥማትም።

የፊደሏ ዐቢይ ቅርጽ በአንዳንድ የፊደል ስልቶች እንደ ትልቅ N፣ በሌሎች ደግሞ እንደ ትልቅ n ሆኖ ይታያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በቦታዋ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን ጉድለቱ ያለው በፊደል ስልቱ እንጂ በአጻጻፉ አይደለም፤ ስልቱን መቀየር ይበቃል።