ልጃገረዶች ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የት ይገባሉ?



ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንገድ በዳባት በኩል አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በሊማሊሞ ገደል ተጠማዝዞ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከዚህ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በገብሱ ማሳ መካከል ባሉት የገጠር ትምህርት ቤቶች በማለዳ የሚሰለፉትን ሕፃናት የተመለከተ ሰው፣ በዝቅተኞቹ ክፍሎች የሴቶቹ ሰልፍ ከወንዶቹ ሰልፍ ብዙም እንደማያጥር ይገነዘባል። እንዲያውም ወንዱ ልጅ ከብት ጠባቂ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የሚገባውና ቶሎ ቶሎ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ለምን አትላክም የሚል አይደለም። ተልካለችና። ጥያቄው፣ የተላከችው ልጅ ለምን አትጨርስም የሚል ነው።

በመጀመሪያ ጉዳቱ እንዴት እንደሚሠወር እንመልከት። በአንድ ቀበሌ አምስተኛ ክፍል የገቡ 40 ልጃገረዶች አሉ እንበል፤ ይህ ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ቍጥር ነው። በየዓመቱ ከዐሥሩ አንዷ ብትቀር፣ ስድስተኛ ክፍል 36፣ ሰባተኛ 32፣ ስምንተኛ 29 ያህል ይደርሳሉ። ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ ከዐሥር ዘጠኙ ተመልሰዋል ብሎ ቢጽፍ ሐሰት አልጻፈም፤ ሪፖርቱን የሚያነበውም ሹም አይደነግጥም። ዘጠነኛ ክፍል ግን በከተማ ቢሆንና ከቀሩት እኵሌታዎቹ ብቻ ቢሻገሩ፣ ከ40ዎቹ የሚገኙት 14 ወይም 15 ናቸው። ከዚህም ሌላ፣ ክፍል የደገመች አንዲት ልጅ ከኋላ መጥታ የቀረችውን ስፍራ ትሞላለች፤ በዚህ ጊዜ ድምሩ ሳይጎድል ሰዎቹ ይለወጣሉ። ስለዚህ እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ድምሩን ሳይሆን ስሙን ይከተል፤ የአምስተኛ ክፍሉን መዝገብና የስምንተኛ ክፍሉን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ እያንዳንዷን ልጅ በስሟ ይፈልጋት።

መዝገቡ ሌላም ነገር ይናገራል። በእኛ አገር የሠርግ ወራት ከጥምቀት በኋላ ተጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ይቆያል፤ ከትንሣኤ በኋላም እንደገና ይከፈታል። የትምህርቱም የመጀመሪያ መንፈቅ የሚያበቃው በጥር ነው። ስለዚህ የጥሩን ፈተና ተቀምጣ በየካቲት ያልተመለሰች ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያቋረጠችው ትምህርቱ ከብዷት አይደለም። ከሠርጉ አስቀድሞ ቤቱ ሥራ ይበዛበታል፤ እህሉ ይፈጫል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ልጅቱም አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች፣ ሁለት ቀን ትቀራለች። በታኅሣሥ ወር የቀሪዎቹን ስም በጥንቃቄ የሚመለከት መምህር ገና ጊዜ አለው። በመጋቢት የሚመለከት መምህር ግን የሆነውን ከመጻፍ በቀር የሚሠራው ነገር የለውም።

እንግዲህ አባት ለምን ይድራል? በዚህ ነገር ላይ ሊቃውንት ሁለት ዐይነት መልስ ሰጥተዋል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትምህርት እንደ ማንኛውም ጥሪት ዛሬ ወጪ ተደርጎ ነገ የሚሰበሰብ ሀብት ነው ሲል አስረድቷል። በዚህ ሒሳብ የገበሬው ወጪ ደብተርና እርሳስ ብቻ አይደለም፤ ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትውል የማትቀዳው ውሃ፣ የማትለቅመው እንጨትና ኩበት፣ የማትጠብቀው ሕፃን ሁሉ ይታሰባል። ፍሬውስ? ልጅቱ ስታገባ ወደ ባሏ ቤት ስለምትሄድ፣ ፍሬውን የሚሰበስበው ሌላ ቤት ይመስለዋል። በዚህ አስተያየት የተመራ ሰው፣ ወጪውን ብናቀልለት አባት ልጁን ያስተምራል ይላል።

ሁለተኛው መልስ ከመንደሩ ይነሣል። ልጁን ለመዳር የማይወድ አባት አለ። ነገር ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲድሩ የእርሱ ልጅ ብትቀር፣ «ቆማ ቀረች» መባሏን፣ ክብሯም መታማቱን፣ ኋላም የሚጠይቃት መጥፋቱን ይፈራል። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ የሌሎቹ ሥራ ሳይለወጥ እርሱ ብቻውን ቢለወጥ በእርግጥ ይጎዳል። ጄሪ ማኪ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን ነገር በቻይና የእግር እሥራት ምሳሌነት ተንትኖታል። በቻይና ሴቶች ልጆች ባል እንዲያገኙ ሲባል እግራቸው በጨርቅ ተጠፍሮ እንዳያድግ ይደረግ ነበር። ልማዱ ጎጂ መሆኑን ብዙዎች ሲያውቁ እንኳ ለብቻው የሚተወው አልተገኘም። ልማዱን ያስጣሉት ማኅበራት አባሎቻቸውን በሁለት ነገር ቃል አስገቧቸው፤ የሴት ልጃቸውን እግር እንዳያስሩ፣ ደግሞም ለወንድ ልጃቸው እግሯ የታሰረ ሴት እንዳያመጡ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቃሉን የሴቲቱ ወላጆች ብቻ ቢገቡት ኖሮ ልጆቻቸው ባል ያጡ ነበር፤ የወንዱም ወላጆች በመግባታቸው ግን ዋጋው ተለወጠ። በእኛም ቀበሌዎች በየስብሰባው የሚመከረው የልጃገረዲቱ አባት ብቻ ነው፤ ሙሽራ ፈላጊው አባት ግን በጥግ ተቀምጦ ያዳምጣል።

ሕጉ ምን ይላል ለሚል አድማጭ በአጭሩ ለመመለስ ያህል፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ዕድሜውን 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ ደነገገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቍጥር 648 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትን ያገባ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ፅኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዝዛል። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት የአማራ ክልል ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ አማካይ ዕድሜ ከ18 ዓመት በታች ነበር፤ ከክልሎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ይኸው ነው። ሕግ ልማዱን ብቻውን ሲገጥመው ሠርጉ ተዝካር ወይም ማኅበር ይባላል፣ የልጅቱም ዕድሜ በአንድ ሌሊት 18 ይሞላል።

ሁለቱን መልሶች በአንድነት የፈተነ ሥራ በዚሁ ክልል ተሠርቷል። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር። ተማሪ ለሆኑት ልጃገረዶች ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣቸዋል፤ ከትምህርት ለቀሩት ደግሞ በሴት መካሪ የሚመራ የንባብና የሙያ ጉባኤ ይቆምላቸዋል። የቀበሌው ሰው በየጊዜው ተሰብስቦ ስለ ጋብቻ ዕድሜ ይወያያል። ልጁን ለሁለት ዓመት ሳይድር ያቆየ ቤተሰብ ደግሞ ዘመኑ ሲያልቅ ለእርባታ የምትሆን ፍየል ወይም በግ ይቀበላል። የእንስሳዪቱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ነገር የተሰጠችው በሰው ፊት መሆኑ ነው። አባት ልጁን ያላገባ ብቻውን እንዳልሆነ በዐይኑ ያያል፤ ሊጠይቁት ለሚመጡትም ሽማግሌዎች ሳያፍር የሚሰጠው ምክንያት ያገኛል።

በፍጻሜው ሞሰቦን ከሌላ ቀበሌ ጋር ያነጻጸሩት መርማሪዎች፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የመዳር ዕድል ከሌላው ቀበሌ አንድ ዐሥረኛ ያህል መሆኑን፣ በትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ መሆኑን አገኙ። ነገር ግን ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ፤ የሞሰቦዎቹ ይልቁን በበለጠ ተድረው ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ሞሰቦ ሲነገር ይህ ሁለተኛው ክፍል ይዘለላል። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። ጋብቻው ለአንዳንዶቹ ተገፍቶ እንደ ሆነ እንጂ እንዳልተሻረ ያስጠረጥራል፤ 15 ዓመት ሲሞላት ልጅቱ ለመንደሩ «የደረሰች» ናትና። ጥናቱም የሁለት ቀበሌዎች ንጽጽር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሦስቱ ዘዴዎች የትኛው እንደ ሠራ ለይቶ ሊያሳይ አልቻለም።

ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ ክልል ዘዴዎቹ ተነጣጥለው በልዩ ልዩ ቀበሌዎች ተሞከሩ፤ በአንዱ ውይይት ብቻ፣ በሌላው የትምህርት መሣሪያ ብቻ፣ በሦስተኛው ሳታገባ በትምህርት ለቆየች ልጅ በየዓመቱ ሁለት ዶሮ ብቻ፣ በአራተኛው ሁሉም በአንድነት። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጆች ከሁሉ የበለጠ የሠራው ደብተሩና እስክርቢቶው ሆነ፤ የጋብቻው ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ላሉት ግን ዶሮዎቹ ዕድሉን በእኵሌታ ያህል ቀነሱት። እንግዲህ ታናሺቱ የምትወጣው ለትንሽ ወጪ ሲሆን፣ ታላቂቱን የሚያስወጣት ቤተሰቡ ከጋብቻዋ የሚጠብቀው ጥቅም ነው። ለአንዲቱ ያዳነ መድኃኒት ለሌላዪቱ አይበቃም።

አሁን ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት እንመለስ። ስምንተኛን የጨረሰች ልጅ ዕድሜዋ 14 ወይም 15 ነው፤ ይኸውም መድኃኒቱ በሚለወጥበት ወሰን ላይ ቆማለች ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ ቀበሌዋ ሩቅ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቷ ወደ ከተማ ይርቃል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ትከራያለች፤ ዓርብ ማታ በእግሯ ወደ ቤት ወጥታ እሑድ ድርቆሽና ሽሮ፣ ዱቄትም ተሸክማ ትመለሳለች። አባቷ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ የቤት ኪራይና ስንቅ፣ ደግሞም ያላገባች ልጁን ከዐይኑ ማራቅ። የመጀመሪያው የቤከር ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የማኪ ነው። ኪራዩን ብቻ የሚከፍል ርዳታ ለሐሜቱ መልስ የለውም፤ ሐሜቱን ብቻ የሚገሥጽ ስብሰባም ስንቁን አይሸከምም። ሁለቱንም የሚመልሰው፣ አንዲት የታመነች ሴት የምትጠብቀው፣ ማብሰያና ውሃ ያለው የልጃገረዶች ማደሪያ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ቢቆም ነው። ይህም የሚሆነው ወላጆቹ ጠባቂዋን ራሳቸው መርጠው ሲያምኗት ነው፤ ካልሆነ ማደሪያው ራሱ የሐሜት ምንጭ ይሆናል። ቃል ኪዳኑም በሰኔ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲያበቃ፣ የወንድ ልጆችም አባቶች በተገኙበት ይፈጸም። መስከረም እስኪጠባ የዘገየ ምክር የክረምቱን ሽምግልና አይቀድመውም።

ይህ ሁሉ ግን በሩ የተከፈተ ትምህርት ቤት መኖሩን መሠረት ያደርጋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ከተነሣው ውጊያ ወዲህም ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳያስተምሩ ከርመዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጅቱ «ተማሪ ናት» የሚለው የአባቷ መልስ አብሮ ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹም በመጡ ጊዜ የሚመልስላቸው ያጣል። ስለዚህ ከመዘጋት በኋላ የተከፈተ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ሊሠራው የሚገባው ሥራ፣ የቀድሞውን መዝገብ አውጥቶ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የነበሩትን ልጃገረዶች በየስማቸው፣ በየቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ነው። ያገባችውም ልጅ ከመዝገቡ አትሰረዝ፤ በብርሃነ ሔዋን ለተዳሩት ልጃገረዶች ራሱን የቻለ ጉባኤ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ባሏና አማቷ ከፈቀዱ በማታ ወይም በከፊል ቀን ክፍል ልትመለስ ትችላለችና።