ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ወተቷን በእጅ ስታልብ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ሕፃኑ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት ወተት በቀር ውኃም አያስፈልገውም። ፈቃዱ ሲያበቃ ስድስት ወር ለመሙላት ገና ሁለት ወር ገደማ ይቀረዋል፤ ይህን ጊዜ በዱቄት ወተት የሚሸፍኑት ብዙ እናቶች ማለቢያ መሣሪያ ከሌለ ሌላ መንገድ የለም ብለው ያምናሉ። መንገዱ አለ። ንጹሕ እጅና በፈላ ውኃ የተቀቀለ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ይበቃል።

«ሞክሬ እምቢ አለኝ» የምትል እናት ብዙውን ጊዜ የጡቷን ጫፍ ይዛ ስትጎትት የቆየች ናት። ጫፉን መጭመቅ ያሳምማል እንጂ ወተት አያወጣም፤ መጫን ያለበት ከጫፉ ወደ ኋላ፣ ጠቆር ካለው ክብ ሥር ነው። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጡቷ ላይ ታሳርፍና ቀስ ብላ ታሸዋለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርጋ፣ ከጫፉ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ርቃ ትይዛለች። መጀመሪያ ወደ ደረቷ ትገፋለች፤ ቀጥሎ ጣቶቿን አንዱን ወደ አንዱ ትጫንና ትለቃለች። መግፋት፣ መጫን፣ መልቀቅ፤ እንዲህ እየደጋገመች ትቀጥላለች። ጣቶቿ በቆዳዋ ላይ መንሸራተት የለባቸውም።

በመጀመሪያው ደቂቃ ጠብታ ብቻ ቢወጣ ወይም ምንም ባይወጣ አትደንግጥ። ወተቱን ወደ ታች የሚገፋው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጭንቀትና ጥድፊያ ያዘገዩታል፣ የልጇን ፎቶ ማየት ወይም ልብሱን ማሽተት ያግዘዋል። ወተቱ ሲወርድ ቀጭን ሆኖ ይፈነጥቃል። አንዱን ጡት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አልባ ወደ ሌላው ትሸጋገራለች፣ ጣቶቿንም ዙሪያውን እያዟዟረች ሁሉንም ጎን ታዳርሳለች። በጠቅላላው 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈጃል። ካመማት አያያዟን ታስተካክል።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከጠዋቱ 1:00 ወጥታ ምሽት 12:00 ትገባለች እንበል። ልጁ በሰዓት በአማካይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል ብለን ብናስብ፣ ለ11 ሰዓት 330 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። ይህን በአንድ ዕቃ ከማጠራቀም፣ በአንድ ጊዜ የሚጠጣውን ያህል፣ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር እየለዩ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የተረፈ አይደፋባትም። ሥራ ከመጀመሯ ሁለት ሳምንት ቀድማ ልጁ ጠዋት ከጠባ በኋላ በየቀኑ አንድ ጊዜ ብታልብ እጇም ይለምዳል፣ ለመጀመሪያው ቀን የሚሆነውም በማቀዝቀዣ ይጠራቀማል። ቢሮ ከገባች በኋላ 4:00፣ 6:30 እና 9:30 ላይ ብታልብ ያገኘችው ለነገ ይሆናል። ሳትታለብ ከዋለች ጡቷ ይወጠራል፣ ቀን ሲደጋገምም ወተቱ ይቀንሳል። ለዚህ የሚሆን ክፍል አሠሪዋን ብትጠይቅ ተገቢ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ አይደለም።

የታለበ ወተት ሰዓት የሚቆጠረው ከታለበበት ደቂቃ ጀምሮ ስለሆነ ቀንና ሰዓቱ ዕቃው ላይ ይጻፍ። ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ቢቆይ አያሰጋም። የዩኒሴፍ የምክር መልእክቶች በቀዝቃዛ ቦታ እስከ 8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ግን አራቱን እንኳ አትመኑ። ቢሮ ፍሪጅ ከሌለ በረዶ የተጨመረበት ማቀዝቀዣ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት ያቆየዋል። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፤ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ገፋ ተደርጎ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ገና የታለበ ሞቅ ያለ ወተት በቀዘቀዘው ላይ አይጨመር፤ መጀመሪያ ለብቻው ይቀዝቅዝ።

የቀረውን ልጁን የምትይዘው አያት ወይም ሞግዚት ማወቅ አለባት። ቅባቱ ከላይ ተንሳፎ ከሥር ውኃ መስሎ ቢታይ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ማዞር ያዋህደዋል። የኮመጠጠ ጠረን ካለው ይደፋ። ወተቱ አይፈላም፤ ዕቃው ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይበል። ከጡጦ ይልቅ ትንሽ ስኒ ይመረጣል፤ ማጠቡ ቀላል ነው፣ ልጁም ጡት መጥባቱን አይተውም። ቀና አድርጋ ታቅፈው፣ የስኒውን ጠርዝ በታች ከንፈሩ ታስነካው፣ ወተቱ ከንፈሩ ጋ እስኪደርስ ብቻ ታዘንብለው፤ ልጁ በምላሱ ራሱ ይወስዳል። አፉ ውስጥ ካፈሰሰችው ትን ይለዋል። ጠጥቶ የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ተመልሶም ፍሪጅ አይገባም።