የዲኤንኤስ ርክክብ ሰነድ፦ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ

አንድ የአይቲ ባለሙያ ከትንሽ ድርጅት ሲለቅ ርክክቡ ብዙውን ጊዜ በዓይን በሚታዩ ዕቃዎች ያበቃል። ላፕቶፖቹ ይቆጠራሉ፣ የዋይፋዩና የሰርቨሩ ፓስወርድ ይሰጣል፣ የፕሪንተሩ ጠባይ ይነገራል። በድርጅቱ ዶሜይን ሥር ያሉት አሥር ወይም አሥራ አምስት መስመሮች ግን ሳይነሱ ይቀራሉ። ድረ ገጹ የሚከፈተው፣ የደንበኛ ኢሜይል የሚደርሰውና ከቢሮው የወጣው ኢንቮይስ ስፓም ውስጥ ሳይወድቅ የሚገባው በእነዚሁ መስመሮች ነው።

የዲኤንኤስ ርክክብ ሰነድ የሚባለው እነዚህን መስመሮች አንድም ሳይቀር ይዘረዝራል። ለትንሽ ድርጅት ሁለት ገጽ ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የሪከርዱ ስም፣ ዓይነቱ፣ ዋጋው፣ በመጨረሻም ለምን እንደተቀመጠ ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንኛውም ባለሙያ የዲኤንኤስ አካውንቱን ከፍቶ ሊያያቸው ይችላል። አራተኛውን ግን የሚያውቀው ያስገባው ሰው ብቻ ነው፤ ካልጻፈው አብሮት ይሄዳል።

አዲሱ ሰው ከውጭ ሆኖ ጎደሎውን ለመሙላት ቢሞክር አይሳካለትም፤ ምክንያቱም ከሥርዓቱ አሠራር ይመነጫል። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስን ከመንደፉ በፊት በኔትወርኩ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ ይቀመጥ ነበር፤ የፈለገ ሰው ፋይሉን አውርዶ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይችል ነበር። ዲኤንኤስ ይህን በጥያቄና መልስ ተካው። ሰርቨሩ የሚመልሰው በስሙ የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ያለህን ሁሉ አሳየኝ» የሚል ጥያቄ ዛሬ አብዛኞቹ ሰርቨሮች ለማያውቁት ሰው አይመልሱም። ስለዚህ የሪከርዱን ስም የማያውቅ ሰው ሪከርዱ መኖሩንም አያውቅም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ሃያ ሠራተኞች ያሉት፣ ከውጭ ገዢዎች ጋር በኢሜይል የሚዋዋል የአዲስ አበባ ቡና ላኪ ድርጅት እንውሰድ። ዶሜይኑን example.com እንበለው፤ ይህ ስምና ከታች ያሉት አድራሻዎች ለማስተማሪያ ተብለው የተለዩ ናቸው። ከሰነዱ ዋና ዋናዎቹ ረድፎች እነዚህ ናቸው፦

```
@              A      203.0.113.10
www            CNAME  example.com.
@              MX     10 mx1.example.net.
@              TXT    "v=spf1 include:_spf.example.net ip4:203.0.113.25 -all"
s1._domainkey  TXT    "v=DKIM1; k=rsa; p=..."
_dmarc         TXT    "v=DMARC1; p=none; rua=mailto:dmarc@example.com"
promo          CNAME  pages.example.org.
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ቀላል ናቸው። `A` የድርጅቱን ስም ድረ ገጹ ካለበት ሰርቨር አይፒ አድራሻ ጋር ያገናኛል፤ `www` ደግሞ ወደዚያው ስም ይመራል። ሦስተኛው `MX` ለድርጅቱ የተላከ ኢሜይል የሚረከበው የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ይናገራል። እዚህ ላይ አዲሱ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ድረ ገጹና ኢሜይሉ በአንድ ስም ቢጠሩም ያሉት ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ዘንድ ነው። ሰነዱ በዚህ ረድፍ ትይዩ «ኢሜይላችን ከድረ ገጹ ሆስቲንግ ጋር ግንኙነት የለውም» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ ኋላ የሚመጣ ብዙ ጣጣ ይቀራል።

አራተኛው ረድፍ ከሁሉ ይበልጥ ማብራሪያ የሚፈልገው ነው። SPF ይባላል፤ በድርጅቱ ስም ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። `include` ያለው የኢሜይል አቅራቢውን ይፈቅዳል። `-all` ከተዘረዘሩት ውጭ ማንም አልተፈቀደለትም ይላል። መካከል ላይ ያለው `ip4:203.0.113.25` ግን ሲታይ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የድረ ገጹ አይደለም፣ የኢሜይል አቅራቢውም አይደለም። አንድ ጠንቃቃ አዲስ ባለሙያ «የማይታወቅ አድራሻ ለምን ይፈቀዳል?» ብሎ ቢያጠፋው አይፈረድበትም። የሰነዱ አራተኛ ዓምድ ስለ እሱ የሚለው ይህን ነው፦

«የቢሮው ኢንተርኔት ቋሚ አድራሻ። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ኢንቮይስ በቀጥታ የሚልከው ከዚህ ነው። ቢጠፋ ኢንቮይስ ይመለሳል ወይም ስፓም ይገባል። የኢንተርኔት መስመሩ ሲቀየር ቁጥሩ አብሮ ይቀየር። የሚጠየቀው፦ ሂሳብ ክፍል።»

እነዚህ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ከየትኛውም የኮምፒውተር ትእዛዝ አይገኙም። አድራሻው ቢጠፋ ችግሩ በዚያው ቀን ላይታወቅም ይችላል። የሠራተኞቹ ተራ ኢሜይል እንደወትሮው ይሄዳል፤ የሚቋረጠው ኢንቮይሱ ብቻ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ገዢው «ሰነዱ አልደረሰኝም» ሲል ነው።

ከSPF ጋር የሚመጣ ሌላ ስሕተት አለ። ድርጅቱ አዲስ የኢሜይል ማስታወቂያ አገልግሎት ሲገዛ አገልግሎቱ «ይህን TXT ጨምሩ» የሚል መመሪያ ይልካል። አዲሱ ሰው እንደተባለው ሁለተኛ `v=spf1` መስመር ይጨምራል። ደንቡ ግን ለአንድ ስም አንድ SPF ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሁለት ሲሆኑ የተቀባዩ ሰርቨር ስሕተት ነው ብሎ ሁለቱንም አይቀበላቸውም፤ ትናንት ይሠራ የነበረውም አብሮ ይበላሻል። ትክክለኛው መንገድ አዲሱን `include` በነባሩ መስመር ውስጥ ማስገባት ነው።

`s1._domainkey` የሚለው DKIM ነው፤ ከድርጅቱ የሚወጣ ኢሜይል ላይ ያለው ዲጂታል ፊርማ የሚመረመርበት ቁልፍ። `s1` የሚለውን ስም የሚመርጠው አገልግሎት ሰጪው ስለሆነ ከውጭ በግምት ለማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሰነዱ የትኛው ስም የየትኛው አገልግሎት እንደሆነ መጻፍ አለበት። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ SPF ወይም DKIM ስለሚጠይቅ እነዚህ ረድፎች የትንሽ ድርጅትም ጉዳይ ናቸው። `_dmarc` ደግሞ ሁለቱን ፈተናዎች ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። `p=none` ሪፖርት ላኩልኝ እንጂ ምንም አታድርጉ ማለት ነው። ሰነዱ ይህ ጊዜያዊ መሆኑንና ሪፖርቱን ማን እንደሚያነብ ካልጠቀሰ ለዓመታት እንደዚያው ይቀራል።

የመጨረሻው `promo` ከአንድ የንግድ ትርኢት የተረፈ ነው። ለትርኢቱ ገጽ ተከራይተው ነበር፤ ኪራዩ ቢቋረጥም ሪከርዱ አልተነሳም። ይህ ተራ ቆሻሻ መስሎ ይታያል፣ አደጋው ግን እውነተኛ ነው። አንዳንድ የገጽ አከራዮች ዘንድ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ስም በራሱ አካውንት ሊያስመዘግብ ይችላል። ከዚያ በኋላ በድርጅቱ ስም ሥር የፈለገውን ገጽ ይከፍታል፤ የሐሰት የክፍያ ቅጽ ጭምር። ስለዚህ ሰነዱ ጊዜያዊ ለሆነ ሪከርድ ሁሉ የሚነሳበትን ቀን ይጽፋል።

ሰነዱ ከሪከርዶቹ በፊት ሦስት አካውንቶችን ለይቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ዶሜይኑ የተመዘገበበት፣ ዲኤንኤሱ የሚተዳደርበትና ድረ ገጹ ያረፈበት። ሦስቱ አንድ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የተለያዩም ሊሆኑ ይችላሉ። ፓስወርድ እዚህ አይጻፍም፤ የሚጻፈው አካውንቱ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ፣ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚታደስ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1999 የማይክሮሶፍት passport.com ሳይታደስ በመቅረቱ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች መግባት አቅቷቸው ነበር፤ ማይክል ቼኒ የተባለ ፕሮግራመር 35 ዶላሩን ከኪሱ ከፍሎ አደሰው። በትንሽ ድርጅት ይህ የሚሆንበት የተለመደ መንገድ የማሳሰቢያው ኢሜይል ለለቀቀው ሠራተኛ አድራሻ ሲሄድ ነው። አድራሻው በዚያው ዶሜይን ሥር ከሆነ ደግሞ ዶሜይኑ ሲቆም የመጨረሻው ማሳሰቢያ ራሱ የሚገባበት ያጣል።

ሰነድ የሌለው ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ድረ ገጹን ሲያሳድስ ነው። ቡና ላኪው አዲስ ድረ ገጽ አሠራ እንበል። ገጹን የሠራው ባለሙያ «ኔምሰርቨሩን ወደ እኛ ቀይሩት» ይላል፤ አዲሱ የአይቲ ሰውም ይቀይራል። ኔምሰርቨር ሲቀየር ግን የሚዛወረው ድረ ገጹ ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ በሙሉ በሌላ ዝርዝር ይተካል። በአዲሱ ሆስቲንግ ያለው ዝርዝር ደግሞ `A`ን እና `www`ን ይይዛል፤ `MX`ን በራሱ ሰርቨር ይሞላል፤ SPFና DKIMን አያውቃቸውም።

ገጹ ያምራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መቅረት ይጀምራል። ግራ የሚያጋባው ከአንዱ ላኪ ሲመጣ ከሌላው አለመምጣቱ ነው። ሰርቨሮች ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያስቀምጡ ነው፤ ለ.com የኔምሰርቨር መልስ ይህ ጊዜ 172,800 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ቀን ይደርሳል። አሮጌውን መልስ የያዘ ላኪ በትክክል ያደርሳል፤ አዲሱን ያገኘ ደግሞ «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» የሚል ምላሽ ይመለስለታል። ስሕተቱ ቢታረምም እርማቱ ለሁሉም እስኪደርስ ያንኑ ያህል ሊቆይ ይችላል። ምርመራው ከማንኛውም የዊንዶውስ ኮምፒውተር በሁለት መስመር ይሠራል፦

```
nslookup -type=NS example.com
nslookup -type=MX example.com
```

ሁለተኛው መልስ በሰነዱ ላይ ካለው `mx1.example.net` ከተለየ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ሰነዱ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሥራው አንድ ረድፍ ብቻ መንካት ነበር። የ`A` ሪከርዱ የቆይታ ጊዜ አስቀድሞ ከ3,600 ሰከንድ ወደ 300 ይወርዳል፤ አሮጌው ጊዜ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ አይፒው ይቀየራል። አዲሱ ገጽ ካልሠራ በአምስት ደቂቃ ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኢሜይሉን የሚነካ ነገር የለም።

ሰነዱን ከባዶ ለሚጀምር ሰው መነሻው የዲኤንኤስ አካውንቱ ነው። ብዙዎቹ አቅራቢዎች ዝርዝሩን በሙሉ በፋይል ማውረድ ያስችላሉ። ከዚያ በየረድፉ የሚመለከተው ክፍል ይጠየቃል፤ ሂሳብ፣ ሽያጭ፣ ገጹን የሠራው ባለሙያ። ማንም የማያውቀው መስመር ሲገኝ ወዲያው አይጠፋም። ዋጋው በሰነዱ ላይ እንዳለ ይገለበጣል፣ የቆይታ ጊዜው ይቀነሳል፣ ከዚያ ይነሳል፤ ቅሬታ ከመጣ ከተገለበጠው ተወስዶ ይመለሳል። ያለቀው ሰነድ ታትሞ አንድ ቅጂ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይቀመጣል፤ ዶሜይኑ ሲበላሽ በዚያው ዶሜይን ኢሜይል ውስጥ ያለ ፋይል አይከፈትምና።

አዲስ የአይቲ ሥራ የሚረከብ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህን ሰነድ ይጠይቅ። ሲሰጠው ሦስት ረድፎችን መርጦ በ`nslookup` ያመሳክር። ካልተመሳሰሉ ወይም አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ፣ የሚለቀው ባለሙያ ቢሮ ውስጥ እያለ ዝርዝሩን አብረው ቁጭ ብለው ይሙሉት።